ለባሹ ሌላ፣ ቦታው ሌላ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 አንድ አሰቃቂ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን በአቧራማ መንገድ እየነዱ ይወስዱና ይረሽኗቸዋል። የት እንደተቀረጸ የሚናገር ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ማሊ ነው አለ፣ ሌላው ካሜሩን። የካሜሩን መንግሥት ቪዲዮውን «የሐሰት ዜና» ብሎ ሲያጣጥል ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ልብስን የሚመለከት ነበር። የመንግሥቱ ቃል አቀባይ ኢሳ ቺሮማ ባካሪ፣ በዚያ ደረቅ የሰሜን ክፍል የሚሰማራ ወታደር ፈዘዝ ያለ የበረሃ ዝንጉርጉር እንደሚለብስ፣ በቪዲዮው የሚታዩት ግን ጠቆር ያለ የጫካ ዝንጉርጉር እንደለበሱ ገልጸው፣ ስለዚህ የእኛ ሰዎች አይደሉም አሉ።

የቢቢሲ «አፍሪካ አይ» መርማሪዎች ቦታውን ያገኙት በልብሱ አልነበረም። ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው በሰሜን ካሜሩን፣ ከናይጄሪያ ድንበር አጠገብ ካለችው ከዜሌቬት ከተማ አካባቢ ጋር ገጠሙት። ወደ ልብሱ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው አካባቢ የሰፈሩ የካሜሩን ወታደሮች ፌስቡክ ላይ የለጠፏቸውን ፎቶዎች ሲፈትሹ፣ በቦታው አይለበስም የተባለው የጫካ ዝንጉርጉር ተለብሶ አገኙት። መንግሥት ቆይቶ ሰባት ወታደሮች ማሰሩን አስታወቀ፤ በ2020 አራቱ 10 ዓመት ተፈረደባቸው።

ይህ ጉዳይ የወታደር ልብስን ይመለከታል እንጂ የነጠላና የሹራብ ነገር አይደለም። ሆኖም ልብስ አይቶ ቦታ ለመናገር የሚሞክር ሰው ሁሉ የሚገባበትን ወጥመድ ያሳያል። ቃል አቀባዩ የጠቀሱት ደንቡን ነው፤ መርማሪዎቹ የፈተሹት የተለበሰውን ነው። የልብስ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማወቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ይህን ልብስ የት ነው የሚለብሱት?» የሚለው ሳይሆን «ይህን ልብስ እንዲለበስ የወሰነው ማን ነው?» የሚለው ይመስላል። መንግሥት ከወሰነው ልብሱ ከአገር ድንበር ጋር ይሄዳል። ትምህርት ቤት ከወሰነው ከአንድ ግቢ ጋር ይሄዳል። ባህልና ሃይማኖት ከወሰኑት ሰውየው በሄደበት ይሄዳል። ገበያ ከወሰነው ደግሞ የትም ይሄዳል።

ከሁሉም የጠነከረው ምስክር መንግሥት ያወጣው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። በኢንዶኔዥያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነጭ ሸሚዝ በቀይ ቁምጣ ወይም ቀሚስ፣ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃው ነጭ በጥቁር ሰማያዊ፣ የሁለተኛ ደረጃው ነጭ በግራጫ ይለብሳል። ይህ ከአንዱ የደሴቶቹ ጫፍ እስከ ሌላው የሚሠራ ነው። ስለዚህ ነጭና ቀይ የለበሱ ሕፃናት በጭቃማ መንገድ ሲሄዱ የሚያሳይ ፎቶ አገሩን በከፍተኛ እርግጠኝነት ይናገራል፤ ሱማትራ ይሁን ፓፑዋ ግን አይናገርም። ፎቶው ጥራት ካለው በቀኝ እጅጌ ላይ የምትሰፋውን ትንሽ ጨርቅ መፈለግ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስምና አስተዳደራዊ አካባቢው እዚያ ይጻፋል። ሐሳቡ ግን የሚሠራው ልጆቹ በዕለቱ ይህን ልብስ ከለበሱ ብቻ ነው። በሳምንቱ ውስጥ የስካውት ቡናማ የሚለበስበት፣ ባቲክ የሚባለው የአገሩ ሕትመት ጨርቅ የሚለበስበት ቀን አለ፤ በእነዚያ ቀናት የተነሣ ፎቶ ቀለሙን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ባዕድ ይሆንበታል።

ኩባም እንዲሁ ናት። የአንደኛ ደረጃ ልጆች ነጭ ሸሚዝ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቁምጣ ወይም ቀሚስ፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ እንደ ክፍላቸው ሰማያዊ ወይም ቀይ መሐረብ አላቸው። እዚህ ላይ ቀዩን መሐረብ ብቻ ይዞ ወደ ኩባ መሮጥ አያዋጣም፤ ቬትናምም፣ ቻይናም፣ ሰሜን ኮሪያም ልጆች ቀይ መሐረብ ያስራሉ። ርዕዮተ ዓለም ድንበር አይጠብቅም። መሐረቡ የሚጠቁመው የፖለቲካ ወገንን ነው፤ አገሩን የሚለየው ከመሐረቡ በታች ያለው ልብስ ነው።

አርጀንቲናና ኡራጓይ ይህን ጉዳይ በጥሩ ሁኔታ ያሳያሉ። በሁለቱም አገሮች የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪ እንደ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነጭ ካፖርት ይለብሳል። ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው። ኡራጓያዊው ልጅ ግን ደረቱ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ሪባን ያስራል፤ አርጀንቲናዊው የለውም። በወንዝ የሚለያዩ ሁለት አገሮች በአንድ ሪባን ይለያሉ ማለት ነው። ሪባኑ ካለ ኡራጓይ ማለት ይቻላል። ሪባኑ ከሌለ ግን አርጀንቲና ነው ማለት አይቻልም፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሲሄድ ፈትቶት ሊሆን ይችላል። ያልታየ ነገር እንደታየ ነገር እኩል አይመሰክርም፤ በልብስ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ነገሩ ይላላል። በሩዋንዳ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ሴት ልጆች ሰማያዊ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ካኪ ለረጅም ዘመን ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውም ሴት ወንድ ሳይል በአጭሩ የተቆረጠ ነው። በኬንያ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ቀለም ይመርጣል። አረንጓዴ ሹራብ ከነጭ ሸሚዝ ጋር በናይሮቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሌላም ሊሆን ይችላል። ቀለሙ አገር አይነግርም፤ ትምህርት ቤቱን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ግን በሩ ድረስ ያደርሳል። የዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ለማያውቅ ምንም፣ ለሚያውቅ ሁሉም ነገር።

ኢትዮጵያ ለኬንያ ትቀርባለች። የግል ትምህርት ቤቶች በየራሳቸው ቀለም ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹም በሹራቡ ደረት ወይም ጀርባ ላይ ስማቸውን ያሳትማሉ። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ማደል የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጅምላ የሚሰፋ ልብስ ሲበዛ አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው በልብስ መለየት ይከብዳል፤ በምትኩ ግን ዘመኑን መገመት ይቀላል። ገጠር ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። ዩኒፎርም ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል፤ ከብት ሲጠበቅም፣ ገበያ ሲወጣም ይለበሳል። ደረቱ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ያለበት ሹራብ የለበሰ እረኛ በዚያ ትምህርት ቤት አጠገብ ተነሥቷል ማለት አይደለም። ሹራቡ በሰልባጅ ተሽጦም፣ በዘመድ እጅ ተልኮም ሊደርሰው ይችላል። በአንጻሩ ሠላሳ ልጆች አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰው በአንድ በር ሲወጡ የሚያሳይ ፎቶ ጠንካራ ነው። ብዛት ያለው አንድነት ቦታ ያመለክታል፤ የአንድ ሰው ልብስ ግን የዚያን ሰው ታሪክ ብቻ ያመለክታል።

ከቀለሙ ይልቅ ጽሑፉ ይበልጥ ይናገራል። «ቤት ትምህርቲ» የሚል ሹራብ ትግራይ ወይም ኤርትራ ያደርሳል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግን ብቻውን አይቆርጥም። በላቲን ፊደል «መነ በሩምሳ» የሚል ከሆነ ኦሮሚያ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። «ዱግሲ» የሚል የሶማልኛ ጽሑፍ ደግሞ ጅግጅጋም፣ ሐርጌሳም፣ ሞቃዲሾም፣ የኬንያዋ ጋሪሳም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቋንቋው ሕዝቡን ያሳያል፤ ሕዝቡ ደግሞ በአንድ አገር አልተወሰነም።

ባህላዊ ልብስም ያው ችግር አለበት። አፋሩ ሽርጡን አገልድሞ ጊሌውን ታጥቆ ሲታይ «አፋር ክልል» ብሎ መጻፍ ይቀናል፤ ነገር ግን አፋሮች በጅቡቲም በኤርትራም አሉ። የቦረና ሴት ያቤሎ እንዳለች ሁሉ ማርሳቢትም አለች። ኑዌሩ ጋምቤላም ደቡብ ሱዳንም ነው። ድንበሩን የሠመሩት ሰዎች ልብስ አላዩም፤ ልብሱም ድንበሩን አላየም። ስለዚህ በእነዚህ ፎቶዎች አገርን የሚለየው ከሰውየው አካል ውጭ ያለ ነገር ነው፦ የመኪናው ታርጋ፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ የስልክ ካርድ ማስታወቂያው፣ መኪናው በመንገዱ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ። ኬንያ በግራ ይነዳል፤ ኢትዮጵያ በቀኝ።

ጭራሽ የሚያሳስተው ግን ልዩ የሚመስለው ልብስ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ሲታይ ጋሞ፣ በተለይም ዶርዜ ማለት ያስቸኩላል። ዱንጉዛ ግን ዛሬ ሽሮ ሜዳ ተሰቅሎ ይሸጣል፤ በየአገሩ መድረክ ዘፋኙም ተወዛዋዡም ይለብሰዋል። ጨንቻ ላይ ከተነሣ ሽማግሌ ይልቅ የብሔረሰቦች ቀንን ለማክበር በለበሰ የሌላ ከተማ ወጣት ላይ የመታየት ዕድሉ ሰፊ ሆኗል። ዱንጉዛ አሁን ይበልጥ የሚመሰክረው በዓል መኖሩን ነው። በአንጻሩ የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣ ወይም የመንዝ ባና ለመድረክ እንደ ዱንጉዛ ስለማይፈለጉ ያን ያህል አልተንቀሳቀሱም። ያልደመቀ፣ ለሥራና ለብርድ ተብሎ የሚለበስ ልብስ ከደመቀው ይልቅ ለቦታ ታማኝ ይሆናል።

ራስ ላይ የሚደረገው ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ለባለቤቱ ታማኝ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያደገ ሰው ከሩቅ አይቶ ይለያል። የኤምሬቱ ካንዱራ አንገትጌ የለውም፤ ከአንገቱ ሥር ረዘም ያለ ዘርፍ ይንጠለጠልበታል። የሳዑዲው ቶብ ጠንካራ አንገትጌ አለው፤ በራስ ላይ ቀይና ነጭ ሻሽ በጥቁር ዓጋል ይታሰራል። ኦማናዊው ዓጋል አያደርግም፤ ወይ ጥምጣም ይጠመጥማል ወይ ኩማ የሚባለውን ጥልፍ ቆብ ይደፋል። እነዚህ ምልክቶች ዜግነትን በደንብ ይናገራሉ። ቦታን ግን አይናገሩም፤ ኤምሬታዊው ካንዱራውን ለብሶ ለንደንም ባንኮክም ይገኛል። የኦማኑን ኩማ የመሰለ ቆብ በዛንዚባር መንገድ ሁሉ ይታያል፤ የኦማን ሱልጣን መቀመጫቸውን በ1840 ወደ ዛንዚባር ማዛወራቸው ሁለቱን ዳርቻዎች እንዴት እንዳስተሳሰረ የሚያስታውስ ነው። ጥልፍ ቆብና ነጭ ረጅም ቀሚስ የለበሰ ጥቁር ሰው አይቶ መስቀጥ ነው ወይስ የዛንዚባሩ የድንጋይ ከተማ ብሎ መቁረጥ፣ ከጀርባው ያለውን በርና ግድግዳ ሳያዩ፣ ዕድል መሞከር ነው።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ዓባያ ነው። ጥቁር ዓባያ የለበሱ ኢትዮጵያውያት የሚታዩበት ፎቶ «ሪያድ ውስጥ» የሚል መግለጫ ተለጥፎበት ሲዞር ማን ይከራከራል? ሆኖም ያው ዓባያ መርካቶ ይሸጣል፤ ኮምቦልቻም ከሚሴም ይለበሳል፤ ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴትም ይዛው ትመጣለች። ሳዑዲ አረቢያ በ2019 ለውጭ አገር ጎብኚ ሴቶች ዓባያን ግዴታ ማድረጓን ስታቆም፣ ከዚያ በኋላ የተነሣ ፎቶ ላይ ዓባያ አለመኖሩም «ይህ ሳዑዲ አይደለም» ለማለት የማይበቃ ሆነ። አንድ የሕግ ለውጥ የልብሱን ምስክርነት በአንድ ቀን ያዳክማል።

አንድ ፎቶ በዝርዝር እንመልከት፤ ፎቶው የምናብ ነው፣ በዓሉ ግን የታወቀ ነው። ነጭ የለበሱ ብዙ ሐበሾች ከፍ ባለ ቦታ ቆመዋል። ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌዎች በጥልፍ ያጌጡ ጥላዎች ተይዘውላቸዋል። ሴቶቹ ነጠላ አጣፍተዋል። መግለጫው «ጎንደር» ይላል። በመጀመሪያ እይታ ምንም የሚያጠራጥር የለም፤ ጥምቀት ሊሆን ይችላል ብሎ ማለፍ ይቻላል።

አንደኛው ጥርጣሬ የሚመጣው ከሌለ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንድም መስቀል አይታይም፤ በካህን እጅ የለም፣ በሴቶች አንገት የለም፣ በጥላው ላይ የለም። ይህ ብቻውን ምንም አይወስንም፤ ዓይንን ግን ወደ ቤተ እስራኤል ያዞራል፤ ሽማግሌዎቹም ቄሶቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ የሚከበረው ስግድ ሊሆን ይችላል። ስግድ ግን በጎንደር አካባቢም ሲከበር ኖሯል፤ ለምሳሌ በአምቦበር። ዛሬ ደግሞ ዋናው በዓል በኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናትሲቭ በሚባለው ኮረብታ መናፈሻ ላይ ይከበራል፤ እስራኤልም ከ2008 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ልብስ ሁለቱን ከተሞች አይለይም፤ ቀድሞ በመጡበት ልብስ ነው የሚያከብሩት።

የሚለየው የወጣቶቹ ልብስ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጀርባ የቆሙት ወንዶች ጥምጣም የላቸውም፤ መሐል አናታቸው ላይ በክር የተሠራች ትንሽ ክብ ኪፓ አለች። አንዲት ወጣት ነጠላውን ከወይራ አረንጓዴ የጦር ሠራዊት ልብስ በላይ ደርባለች። ብዙዎቹ ከነጩ ሥር የክረምት ጃኬት ለብሰዋል። የክር ኪፓና የእስራኤል ሠራዊት ልብስ አንድ ላይ ሲታዩ፣ በአንድ ሳይሆን በብዙ ሰው ላይ ሲታዩ፣ «ጎንደር» የሚለው መግለጫ ይወድቃል። ኢየሩሳሌም መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ልብስ አይበቃም፤ ስግድ በሌሎች የእስራኤል ከተሞችም ይከበራልና። ያንን የሚያስረግጠው የመናፈሻው የድንጋይ አጥርና ከታች የሚታየው የአሮጌዋ ከተማ ወርቃማ ጉልላት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የአሠራር ነጥብ አንድ ነው፦ ዋና ባለጉዳይ የሚመስለውን ሰው ልብስ ትቶ የዳር ሰዎችን ልብስ ማየት። በዓል ለማክበር የለበሰው ሰው ለማንነቱ ለብሷል፤ ዳር ያለው ግን ለዚያ ቀንና ለዚያ ቦታ።

ነጠላ ላይ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ፤ ቦታን ግን አይመለከትም። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ፊት ዞሮ ከተለበሰ ለቅሶ ነው። በመስቀለኛ ከተጣፋ ቤተ ክርስቲያን ነው። የደስታ ሰልፍ ተብሎ የተለጠፈ ፎቶ ላይ ሴቶቹ ሁሉ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው ከታዩ፣ ፎቶው ከሰልፍ ሳይሆን ከቀብር የመጣ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህን በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ያው ሆኖ ያገኙታል።

ቀሪው ሰልባጁ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በንግድ እንዳይገባ ቢከለከልም በኮንትሮባንድ ይገባል፤ በናይሮቢ ጊኮምባ፣ በአክራ ካንታማንቶ ደግሞ ዋና ገበያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ያለበት ቲሸርት የጋና ዓሣ አጥማጅ ይለብሰዋል። የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ ጨዋታ ሳይካሄድ ለሁለቱም ቡድኖች የ«ሻምፒዮን» ቲሸርት አስቀድሞ ይታተማል፤ የተሸነፈው ቡድን ቲሸርት ለዓመታት በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ወደ ድሃ አገሮች ሲላክ ኖሯል። ያልተደረገ ድል የታተመበት ቲሸርት የለበሰ ልጅ የሚታይበት ፎቶ ስለዚህ በአሜሪካ ያልተነሣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ምናልባትም ይህ ቲሸርት ስለ ቦታ ሊናገር የሚችለው ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

የተሸጠ ልብስ ቦታን ባይናገርም ጊዜን ይናገራል፤ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። የማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ ላይ ቮዳፎን ከ2000 እስከ 2006፣ ኤ.አይ.ጂ. እስከ 2010፣ ኤኦን እስከ 2014፣ ከዚያ ሼቭሮሌት እስከ 2021 ተጽፎ ቆይቷል። ሼቭሮሌት የሚል ማሊያ የለበሰ ልጅ ያለበት ፎቶ ከ2014 በፊት ሊነሣ አይችልም። በ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ናቸው ተብሎ የሚለጠፍ ፎቶ ላይ ኤ.አይ.ጂ. የሚል ማሊያ ካለ ክርክሩ አበቃ። ኋለኛው ወሰን ግን የለም፤ የ2006 ማሊያ በ2024ም ይለበሳል፣ ያውም እየነጣና እየሳሳ። የተጨማደደና የነጣ ማሊያ አሮጌ ፎቶ ማለት አይደለም፤ አሮጌ ማሊያ ማለት ነው።

ፎቶው ተገልብጦ እንደሆነም ልብስ ይናገራል፤ ይህ የብዙ ሰው ዓይን የሚያልፈው ነገር ነው። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በለባሹ በቀኝ በኩል ይሰፋል፣ ስለዚህ ለተመልካቹ በግራ ይታያል። የዩኒፎርም ዓርማ አብዛኛውን ጊዜ በግራ ደረት ላይ ነው። በፎቶው ያሉት ወንዶች ሁሉ ቁልፋቸው በተቃራኒው፣ ዓርማቸውም በቀኝ ደረት ከታየ ምስሉ እንደ መስታወት ተገልብጧል። ጽሑፍ በሌለበት ፎቶ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የተገለበጠ ፎቶ መኪናዎቹን በተቃራኒው መንገድ ያስኬዳልና፣ በቀኝ የሚነዳው ኢትዮጵያ በግራ የሚነዳው ኬንያ ሆኖ ይታያል። የተራራው ሰንሰለትም ይገለበጣል፤ ከሳተላይት ምስል ጋር ለማስተያየት የሚደክም ሰው ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም። ስለዚህ ወደ ተራራው ከመሄድ በፊት ሸሚዙን ማየት ነው።